ደረቴ ቀለል አለኝ ማለት ቱቦው ተከፈተ ማለት አይደለም

«አስም ላለባችሁ ሁሉ ደስ የሚል ዜና! የባሕር ዛፍና የፔፐርሚንት ኢሴንሻል ኦይል በዲፊዩዘር አድርጋችሁ ተኙ። አንደኛ፣ የመተንፈሻ ቱቦን ወዲያው ይከፍታል፤ ደረታችሁ ቀለል ሲል ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አለርጂ ከሌለባችሁ አይጎዳም። ሦስተኛ፣ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ የጀርመን ሐኪሞች ለአስም ይሰጡታል። አራተኛ፣ እናቶቻችን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠኑ ኖረዋል። አምስተኛ፣ 10 ጠብታ አድርጉ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። ቀስ በቀስ ፓፉን ትተዉታላችሁ።»

ይህን ጽሑፍ ስልኳ ላይ ከፍታ ያሳየችኝ የፋርማሲያችን ደንበኛ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መምህርት ናት፣ አስሟ የልጅነት ነው። «ወንድም ዓለም፣ እስቲ ይቺን አንብባት» አለችኝ። አነበብኳት። ጸሐፊዋ ለክፋት እንዳልጻፈችው ያስታውቃል። ግን አምስቱም ነጥብ ላይ የምለው አለኝ፤ አንዳንዱ ላይ ብዙ፣ አንዳንዱ ላይ ትንሽ።

መጀመሪያ የመምህርቷን ነገር ልንገራችሁ። ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ዲፊዩዘሩን ውጭ አገር ያለች እህቷ ነው የላከችላት፤ ውሃ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርገው እንደ ጉም የሚያስወጣው ዓይነት። ክረምት ነበር። የማርቆስን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማታ መስኮት የሚከፍት የለም። የምትተኛበት ክፍል 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ጽሑፉ እንዳለው 10 ጠብታ ታደርጋለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ትተኛለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየች። ወደ እኔ የመጣችው ማስታገሻ ፓፏ ከወትሮው ቀድሞ አልቆባት ነው። «ሌሊት ሳል ይቀሰቅሰኛል፣ ብርዱ ነው መሰል» አለች። «ማታ ማታ ግን ዘይቱ ደረቴን ያቀልልኛል፤ እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ስትል ነው የነቃሁት።

ቤቷ ፒክ ፍሎው ሜትር ነበራት። አየር ምን ያህል በኃይል ከሳንባ እንደሚወጣ የምትለካ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ናት። ቆመው በደንብ አየር ይስባሉ፣ ከንፈርን ገጥመው በአንድ ትንፋሽ በኃይል ይነፋሉ። ሦስት ጊዜ ይነፋና ትልቁ ቁጥር ይመዘገባል። የመምህርቷ የደህና ቀን ቁጥር 400 ነው፤ በደቂቃ 400 ሊትር ማለት ነው። «እስቲ ዛሬ ማታ ዘይቱን ከማብራትሽ በፊት ለኪ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለኪ፤ ሌሊት ከነቃሽም ለኪ» አልኳት። «ቁጥሩ እየወረደ ካየሽ ግን ወዲያው አጥፊውና መስኮቱን ክፈቺ።»

በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣች። ከማብራቷ በፊት 390። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 330። ከጎኑ በእጅ ጽሑፏ «ደረቴ ቀሎኛል» ይላል። በዚህ ስሜት ተሸውዳ አላጠፋችውም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በሳል ስትነቃ 290።

የመጀመሪያው ነጥብ መልስ ያለው እዚህ ደብተር ላይ ነው። ደረቷ ቀሏታል ባለችበት ደቂቃ ላይ የሳንባዋ ቁጥር በ60 ወርዷል። እየዋሸች አይደለም። ፔፐርሚንት ውስጥ ያለው ሜንቶል አፍንጫችንና ጉሮሯችን ውስጥ ያሉትን ቅዝቃዜ የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች ይነካል። የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲኒዮልም ይህንኑ ያደርጋል። አንጎል ቀዝቃዛ አየር የገባ ይመስለዋል። ቀዝቃዛ አየር ገባ ማለት ደግሞ ለአንጎል መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ፣ ዌልስ ካርዲፍ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን አፍንጫ ላይ ለክተውታል። ሰዎቹ ሜንቶል አሽትተው «አፍንጫዬ ተከፈተ» ይላሉ፤ በአፍንጫቸው የሚያልፈው አየር ሲለካ ግን ለውጥ የለውም። የሚንት ከረሜላ በልታችሁ አየር ስትስቡ የሚሰማችሁ ቅዝቃዜ ማለት ነው። ከረሜላው ምንም ቱቦ አልከፈተም።

ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። አስም ያለበት ሰው ላይ ግን ለማስጠንቀቂያው ደወል ጆሮ መድፈን ነው። የመጥበብ ስሜቱ ነው ፓፍ የሚያስነሣው። እሱ ከጠፋ፣ ቱቦው እየጠበበ ሰውየው ተኝቶ ይቆያል።

ቁጥሩ ሲነበብ ከራስ ምርጥ ቁጥር ጋር ነው የሚነጻጸር። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ50 እስከ 80 ከሆነ ተጠንቀቅ ነው። ከ50 በታች አስቸኳይ ነው። የመምህርቷ 290 ከ400 ስታወጡት 72 በመቶ አካባቢ ነው። በሰላም ቀን ማታ ደህና የነበረች ሰው ሌሊት ተጠንቀቅ ውስጥ ገብታ ነበር ማለት ነው።

ዘይቱን ለሁለት ሳምንት ተወችው። የሌሊቱ ሳል በአራተኛው ቀን ቆመ፣ የጠዋት ቁጥሯ ከ380 አልወረደም። ከዚያ «ላቬንደር ለስለስ ያለ ነው ይላሉ» ብላ እኔን ሳትጠይቅ አንድ ማታ 3 ጠብታ ሞከረች። 390 የነበረው 345 ሆነ። ይቺን ሙከራ እኔ አልመክርም፤ ግን ካደረገችው አይቀር ጻፍኩት። የአንድ ሰው ደብተር ለሁሉም አስም ማስረጃ አይሆንም። ላቬንደር አጠገቡ ተቀምጦ ምንም የማይሆን የአስም ሕመምተኛም አለ። ለራሷ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። እዚህ ላይ «አለርጂ ከሌለባችሁ» የምትለው ቃል ናት ጉዱ። በርበሬ ሲታመስ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያስላል። ሁሉም የበርበሬ አለርጂ ስላለበት ነው? አይደለም። የአየር ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚያቃጥል ነገር የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነሱ ሲነኩ ሳል ይመጣል፣ ቱቦውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል። ይህ መቆርቆር ነው እንጂ አለርጂ አይደለም። የቀረፋ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ለምሳሌ እነዚህን ጫፎች በኃይል ነው የሚቀሰቅሳቸው። ጤነኛው ሰው ሁለቴ አስሎ ይረሳዋል። አስም ያለበት ሰው ቱቦ ግን ድሮውንም የተቆጣ ነው፤ ነርቩ ቁጡ፣ ጡንቻው ለመኮማተር የተዘጋጀ፣ አክታው የበዛ። ያው ሽታ ለእሱ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የቆዳ አለርጂ ምርመራ አድርጎ «ምንም የለብህም» የተባለን ሰውም ሽታ ብቻውን ሊያፍነው ይችላል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውንማ ተዉት። የማገዶ ጭስም ተፈጥሯዊ ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊዋ ልመስክርላት። ሽታ ላይ የሐሳብ ድርሻ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው፣ ሽታና ጣዕም የሚያጠናው ሞኔል ማዕከል ያወጣው ጥናት ነበር። 17 የአስም ሕመምተኞች ለ15 ደቂቃ የጽጌረዳ ሽታ ያለው ያው አንድ ንጥረ ነገር ሸተቱ። ለግማሾቹ «ይህ ለአስም ጥሩ ነው» ተባለ፤ ለሌሎቹ «አስም ሊቀሰቅስ ይችላል» ተባለ። ሊቀሰቅስ ይችላል የተባሉት ላይ የቱቦ መቆጣት ምልክት ወዲያው ጨመረ፣ በማግስቱም አልወረደም ነበር። ሽታው ያው ነው። ታዲያ ይህ «ነገሩ ሁሉ የአእምሮ ነው» ማለት አይደለም፤ ቱቦው በእውነት ነው የተቆጣው። ሰው «ይህ ሽታ ያፍነኛል» ሲላችሁ «ኧረ ምንም አይልህም» ብሎ መከራከር ዋጋ እንደሌለው ግን ያሳያል። ዘይቱን ማጥፋት ይቀላል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊዋ የሰማችው ነገር መነሻ ያለው ይመስለኛል። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። 32 ሰዎች ናቸው፤ አስማቸው ጠንካራ ሆኖ የስቴሮይድ ክኒን በየቀኑ የሚውጡ። ለ12 ሳምንት ለግማሾቹ ሲኒዮል ተሰጣቸው። ሲኒዮል የወሰዱት ከሌሎቹ ይበልጥ የስቴሮይድ መጠናቸውን መቀነስ ቻሉ። ጥሩ ጥናት ነው፣ ትንሽ ቢሆንም።

እንዴት ተሰጣቸው ነው ጥያቄው። በዲፊዩዘር አይደለም። ተለይቶ የወጣ ንጹሕ ሲኒዮል፣ 200 ሚሊግራም በካፕሱል፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ የሚዋጥ። ከሆድ ወደ ደም ነው የሚሄደው እንጂ በአፍንጫ ገብቶ ቱቦውን አይቆረቁርም። ሐኪም እየተከታተላቸው፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ዘይቱን ክፍላችሁ ውስጥ ጉም አድርጉት» ማለት አሞክሳሲሊን ለሳንባ ምች ይሠራል ብሎ ዱቄቱን አልጋ ላይ እንደመበተን ነው። ደግሞ አደራ፣ «እሺ እንውጠዋ» የሚል እንዳይመጣ። ገበያ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ዘይት የሚዋጥ አይደለም። ሕፃን ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳ ቢውጥ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። ጠርሙሱን ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡት። ዘይቱን ሆስፒታል በሚሰጠው የኔቡላይዘር መሣሪያ ውስጥ ጨምሮ መሳብማ ፈጽሞ አይሞከርም።

አራተኛውን ቶሎ ልለፈው። እውነት ነው፣ ጎጃም ውስጥ በባሕር ዛፍ ቅጠል ያልታጠነ የለም። እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ነጠላ አከናንባኝ፣ ድስቱ ላይ አስጎንብሳኛለች። ግን ለጉንፋን ነው፤ ለአፍንጫ ነው፤ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ነው። አስም ያለበትን ልጅ እናቶቻችን ቤት ውስጥ ጭስ ሲነሣ «አንተ ውጣ» ነበር የሚሉት። ይህንም ከባህሉ ጋር አብረን እንቁጠረው። እግረ መንገዴን፣ የቡና ዕጣንም ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ጭስ ስላለው ይብሳል። ዲፊዩዘር ብቻ ኮንኜ ዕጣኑን ባልፈው አድልዎ ይሆንብኛል።

አምስተኛው ነጥብ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እስቲ በመምህርቷ ክፍል እናስላው። 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር፤ 22.5 ሜትር ኩብ አየር። 10 ጠብታ ግማሽ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ክብደቱ 450 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ሁሉም ተንኖ የትም ካልወጣ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 20 ሚሊግራም ይደርሳል። እርግጥ ከፊሉ ግድግዳና ብርድ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ በበሩ ሥር ይወጣል። ግን ለማነጻጸር ያህል፣ የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት በአየር ላይ የሚተኑ ነገሮች በጠቅላላ በሜትር ኩብ ከ10 ሚሊግራም ካለፉ ክፍሉ ለመኖሪያ ተቀባይነት የለውም ይላል። ግማሹ ጠፍቶ እንኳ እዚያው ድንበር ላይ ነን። ያውም ስምንት ሰዓት የሚተነፈስ አየር።

በዚያ ላይ አፍንጫ ይለምዳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሽታው የቀነሰ ይመስላል፤ አየሩ ውስጥ ያለው ግን እየጨመረ ነው። «አልሸተተኝም» ተብሎ ሌላ ጠብታ የሚጨመረው ያኔ ነው። ከውጭ የሚገባ ሰው በሩ ላይ «ኡፍ!» ካለ፣ እሱን እመኑት።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስሙ ያልተረጋጋ ሰው ባለበት ቤት ዲፊዩዘር ባይበራ ነው የምለው። ያልተረጋጋ ማለት ማስታገሻ ፓፍ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው፣ ወይም ሌሊት በሳልና በትንፋሽ ማጠር የሚነቃ። እንዲህ ያለ ሰው ዘይት መምረጥ ሳይሆን ሐኪም ቤት መሄድ ነው ያለበት።

አስሙ የተረጋጋ ከሆነና ቤተሰቡ ሽታውን ከወደደው፣ ሳሎን ውስጥ ይሁን፣ መኝታ ቤት አይሁን። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃል። መስኮት ገርበብ ይበል። ሩብ ሰዓት ወይም ቢበዛ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይጥፋ፤ የሚሻለው ደግሞ አስም ያለበት ሰው ውጭ ባለበት ሰዓት አብርቶ፣ ሳይመጣ አጥፍቶ፣ ቤቱን ማናፈስ ነው። አንድ ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። አምስት ቀላቅላችሁ ሰው ቢታፈን የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ፔፐርሚንት፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ በዚህ ቤት ይቅሩ። ውሃ የሌለበት፣ ዘይቱን ብቻውን የሚረጨው ዓይነት ዲፊዩዘርም ይቅር፤ የሚያወጣው ያልቀጠነ ዘይት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ቀጫጭን እንጨት የሚሰካበት ደግሞ ማጥፊያ የለውም፤ ቀንም ሌሊትም ይሸታል።

ውሃው በየቀኑ ይደፋ፣ ማጠራቀሚያው ታጥቦ ይድረቅ። ያደረ ውሃ ጀርም ያበቅላል፤ ዲፊዩዘሩ ያንኑ ነው አየር ላይ የሚረጨው። ተከፍቶ ዓመት የቆየ ዘይትም አይሁን። ከአየር ጋር ሲገናኝ እየተለወጠ የበለጠ የሚቆረቁር ይሆናል። ሽታው ኮምጠጥ ወይም ሸተት ካለ ጊዜው አልፏል።

ይስማማኛል አይስማማኝም የሚለውን ስሜት ሳይሆን መለኪያው ይናገር። ከማብራት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት። ጠዋት የምለው ምላሹ አንዳንዴ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። መለኪያ ከሌለ ሳል፣ ደረት ላይ ፉጨት፣ ወይም ፓፍ መብዛቱ ይበቃል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ያ ዘይት ከዚያ ቤት ይውጣ።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለብቻዋ ያቆየኋት ሆን ብዬ ነው። «ፓፉን ትተዉታላችሁ» የምትለዋን። የትኛውን? ሁለት ዓይነት ፓፍ አለ። ሳልቡታሞል ማስታገሻ ነው፤ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። ቤክሎሜታዞንና መሰሎቹ መከላከያ ናቸው፤ የተቆጣውን ቱቦ በየቀኑ እየተወሰዱ ያረጋጋሉ። መከላከያው ሲወሰድ ወዲያው የሚሰማ ነገር የለም። አይቀዘቅዝም፣ አይሸትም፣ ደረት አያቀልም። ሰው መጀመሪያ የሚተወውም እሱን ነው። የሚሰማውን ዘይት ይዞ የማይሰማውን መድኃኒት ይተዋል። መምህርቷም በዚሁ ወጥመድ ተይዛ ነበር፤ ስጠይቃት መከላከያውን ከወሰደች አሥር ቀን አልፏታል። ስለዚህ 290ው ላይ የሁለቱም እጅ አለበት፤ የዘይቱም፣ የተተወው መድኃኒትም። ያስታወስኳትም ዘይቱን ስትተው አብራ መከላከያዋን እንድትጀምር ነው። ሳሉ የቆመው በየትኛው ነው ብትሉኝ፣ በሁለቱም እላለሁ። መከላከያዋን እየወሰደች የሞከረችው ላቬንደር ግን ቁጥሯን ጎትቶታል።

ሽታ ሰው ካፈነ የሚደረገው ይህ ነው። ከክፍሉ ይውጣ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሳልቡታሞል 4 ጊዜ፣ አንድ በአንድ፣ ፓፉ አንዱ ጫፍ ላይ ተሰክቶ በሌላው ጫፍ በሚተነፈስበት ባዶ ዕቃ፣ በስፔሰር፤ በእያንዳንዱ 4 ትንፋሽ። ስፔሰር ከሌለ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ታች በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ፣ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ ያገለግላል፤ በጠርሙሱ አፍ ይተነፈሳል። 4 ደቂቃ ተጠብቆ ካልተሻለው ይደገም። እንደዚያም ሆኖ ካልተሻለው፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ነው፤ መንገድ ላይም ፓፉ አይቋረጥ።